ቆጣሪው 269 ሲል አዳራሹ 370 ሰው ይዞ ነበር፤ ከጎንደር የሠርግ አዳራሽ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

በአንድ የጥር ቅዳሜ ምሽት ከአንድ የጎንደር ሠርግ አዳራሽ በር ላይ የተተከለው ቆጣሪ 269 ያሳይ ነበር። አዳራሹ በደኅንነት ሊይዝ የሚችለው ሰው 300 ነው። የበሩ ሠራተኛ ስክሪኑን አይቶ ገና 31 ሰው የሚበቃ ቦታ እንዳለ ስለተረዳ እንግዶችን ማስገባቱን ቀጠለ። በዚያው ሰዓት ውስጥ የነበሩት ሰዎች 370 ነበሩ። ወንበር ያጡት በግድግዳው ዙሪያ ቆመዋል፤ አስተናጋጆች ትሪ ይዘው በጠረጴዛዎች መካከል ማለፍ አቅቷቸዋል። ሠርጉ በሰላም አለቀ፤ የተጎዳም ሰው የለም። የአዳራሹ ባለቤት ግን በዓይናቸው ያዩት ሕዝብና ስክሪኑ ያሳያቸው ቁጥር አልገጠመላቸውም፤ በማግስቱም መሣሪያውን እንድፈትሽላቸው ጠሩኝ። ስማቸውም የአዳራሹም ስም እንዳይጠቀስ ስለፈለጉ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ ፎቅ አልባ አዳራሽ ነው ማለት ይበቃል።

ባለቤቱ ቆጣሪውን የገዙት ማንም ሳያስገድዳቸው ነው። በ2012 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል በፋሲል ጥምቀተ ባሕር የእንጨት መቀመጫ መደብ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሲሞቱ ከተማው ውስጥ ነበሩ። የእርሳቸው ሥጋት ከዚያ ይለያል፤ ወለሉ መሬት ላይ ስለሆነ የሚደረመስ ነገር የለም። የሚያሳስባቸው እሳት ቢነሣ ወይም መብራት ጠፍቶ ሰው ቢደናገጥ ሁሉም በጊዜው መውጣት መቻሉ ነው። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያሉት ሳምንታት የጎንደር የሠርግ ወቅት ናቸው። የአዳራሹ የዓመት ገቢ የሚበዛውም መጨናነቁ የሚከፋውም ያኔ ነው።

በመጀመሪያ 300 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ልግለጽ፤ ብዙ አዳራሾች ይህን ቁጥር ከወንበራቸው ብዛት ይወስዱታልና። እኛ የተጠቀምነው የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ባወጣው ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 101 በተባለው የደኅንነት ደንብ ያለውን ስሌት ነው። መድረኩ፣ የምግብ መደርደሪያውና ዓምዶቹ ከተቀነሱ በኋላ የቀረው ነጻ ወለል 420 ካሬ ሜትር ነው። ጠረጴዛና ወንበር ለተዘረጋበት ቦታ ለአንድ ሰው 1.4 ካሬ ሜትር ይታሰባል፤ ሲካፈል 300 ይመጣል። ቀጥሎ በሮቹ ይታያሉ። በደረጃ አልባ መውጫ ላይ ለአንድ ሰው 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ይያዛል። ዋናው በር 1.8 ሜትር ስለሆነ ለ360 ሰው፣ የጎኑ በር 1 ሜትር ስለሆነ ለ200 ሰው ይበቃል። ከበሮቹ አንዱ ቢዘጋ እንኳ የቀረው ከታዳሚው ቢያንስ ግማሹን ማስወጣት መቻል አለበት። የጎኑ በር 200 ስለሚያስወጣ የ300 ሰው ግማሽ የሆነውን 150 በደንብ ይሸፍናል።

ባለቤቱ እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ አነሡ። ጠረጴዛ ተነሥቶ ሰው ቆሞ ሲጨፍር ለአንድ ሰው የሚታሰበው 0.65 ካሬ ሜትር ብቻ አይደለም ወይ? ነው፤ በዚያ ስሌት ወለሉ ከ640 በላይ ይይዛል። በሮቹ ግን አልሰፉም። የጎኑ በር 200 ሰው ብቻ የሚያስወጣ ከሆነ፣ 200 ግማሹ የሚሆንለት ትልቁ ቁጥር 400 ነው፤ ወለሉ የቱንም ያህል ባዶ ቢሆን ከዚያ ማለፍ አይቻልም። ሁለቱ ስሌቶች ሲለያዩ የሚያዘው አነስተኛው ነው። በሠርግ ምሽት ጠረጴዛዎቹ ስለማይነሡ የሚሠራው ቁጥር 300 ሆኖ ቀረ።

መሣሪያው ራሱ ቀላል ነው። በዋናው በር ግራና ቀኝ መቃን ላይ፣ በወገብ ከፍታ፣ ዓይን የማያያቸው ሁለት የኢንፍራሬድ ጨረሮች በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተዘርግተዋል። የውጪው ጨረር ቀድሞ ከተቋረጠ ገቢ፣ የውስጡ ቀድሞ ከተቋረጠ ወጪ ብሎ ይመዘግባል። ስክሪኑ ላይ የሚታየው ከገቢው ወጪው ሲቀነስ የሚቀረው ነው። እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። መሣሪያው ሰው አያይም፤ የሚያውቀው የጨረር መቋረጥን ብቻ ነው። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቢያልፉ ለእርሱ አንድ መቋረጥ ናቸው። አንድ ሰው በመቃኑ መካከል ቆሞ ጨረሩን ከያዘው ደግሞ ከኋላው የሚያልፉት ሁሉ አይመዘገቡም፤ የተቋረጠ ጨረር ዳግም ሊቋረጥ አይችልምና።

እውነተኛውን ቁጥር ያገኘነው ከምስል ነው። የአዳራሹ የጥበቃ ካሜራ ዋናውን በር ከላይ ያሳያል፤ የጎኑን በር ደግሞ ሌላ ካሜራ ይዞታል። የሠርጉ የቪዲዮ ባለሙያም ሙሽሮቹ ሲገቡ በሩን ፊት ለፊት ቀርጾ ነበርና ቅጂውን ለግሶናል። ሁለት ሰዎች በአውራ ጣት የሚጫን የእጅ ቆጣሪ ይዘው፣ አንዱ የሌላውን ቁጥር ሳያይ፣ ቪዲዮውን በዝግታ እያስኬዱ ቆጠሩ። በተለያዩበት ቦታ ሁሉ ወደኋላ ተመልሰው ዳግም አዩ። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ስለ ማንኛውም የበር ቆጣሪ ትክክለኛነት የሚነገረው ወሬ ብቻ ነው።

ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40 ላይ፣ ሕዝቡ ከሁሉ ጊዜ በበዛበት ሰዓት፣ በስክሪኑና በእውነቱ መካከል የነበረው ልዩነት 101 ሰው ነው። ይህ ልዩነት ከሦስት ቦታ ተጠራቅሞ የመጣ ነው።

የመጀመሪያው 31 ሰው ነው። ወጥ ቤት ያሉት፣ አስተናጋጆቹ፣ የሙዚቃ ቡድኑና ካሜራ የያዙት ከሰዓት በኋላ በወጥ ቤቱ በር ገብተዋል። ቆጣሪው የተከፈተው ምሽት ላይ፣ እንግዳ መምጣት ሲጀምር፣ ከዜሮ ተነሥቶ ነው። «እነሱማ ሠራተኞች ናቸው» የሚል መልስ ከበር ሠራተኛው ሰምቻለሁ። እሳት ሠራተኛና እንግዳ አይለይም።

ሁለተኛው የጎኑ በር ነው። መውጫ ብቻ ተብሎ ስለታሰበ ቆጣሪ አልተደረገለትም። ነገር ግን ሲጋራ ለማጨስ የወጣው፣ ስልክ ለማናገር የወጣው፣ ከመኪና ዕቃ ሊያመጣ የወጣው ሁሉ በዚያው ይመለሳል፤ ሲመለስም ወዳጆቹን ይዞ የሚገባ አለ። በዚያ በር እስከዚያ ሰዓት 22 ሰው ገብቶ 14 ወጥቷል፤ ልዩነቱ 8 ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ከሦስቱ ለማረም አስቸጋሪው ግን እርሱ ሆኖ ተገኝቷል።

ትልቁ ጉድለት ከዋናው በር የመጣው ነው። እስከዚያ ሰዓት በዋናው በር 402 ሰው ገብቶ መሣሪያው የመዘገበው 338 ነበር። የ64 ሰው ጉድለት ነው፤ ስሕተቱ ግን በምሽቱ ሁሉ እኩል አልተበተነም። ከ402ቱ 118ቱ የገቡት ሙሽሮቹ ከአጃቢዎቻቸው ጋር በደረሱበት 20 ደቂቃ ነው። ከእነዚህ የተመዘገቡት 71 ብቻ ናቸው። በቪዲዮው ምክንያቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አጃቢው ከበሮ እየመታ፣ እያጨበጨበ፣ ሦስትና አራት ሆኖ ተቃቅፎ ይገባል። በሩ መካከል ይቆማል፤ ወደኋላ ዞሮ ለሙሽሮቹ ይጨፍራል፤ ሁለት እርምጃ ወጥቶ ተመልሶ ይገባል። ከበሮ መቺው ብቻውን ጨረሩን ለረጅም ጊዜ ይዞት ቆሟል፤ ከኋላው ብዙዎች ሲያልፉ አንዳቸውም አልተመዘገቡም። የቀሩት 284 ሰዎች በዝግታ፣ ቤተሰብ በቤተሰብ ሆነው ሲገቡ መሣሪያው 267ቱን ይዟል። በዚያው ጊዜ በዋናው በር 71 ሰው ወጥቶ 69ኙ ተመዝግቧል። የወጡት ተራ በተራ ስለሆነ ቆጠራው ጥሩ ነበር፤ ለስሌቱ ግን ይህ መልካም ዜና አልነበረም። ገቢው እየጎደለ ወጪው በትክክል ሲመዘገብ ልዩነቱ አይጣፋም፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሰውን ወደ ማሳነስ ያዘነብላል። ከዋናው በር የመጣው የተጣራ ጉድለት 62 የሆነው በዚህ ነው።

ሻጩ መሣሪያው በመቶ 95 ያህል ትክክል ነው ብሎ ነበር። አልዋሸም ይሆናል፤ በጸጥታ ሰዓት ያየነውም ከዚያ እምብዛም አይርቅም። የሚያስፈልገው ትክክለኛነት ግን በሩ በተጨናነቀበት ሰዓት ያለው ነው፤ ያ ደግሞ በዚህ አዳራሽ በመቶ 60 ነበር።

ባለቤቱ እስከዚያ ቀን በመሣሪያው የተማመኑበት ምክንያት በጣም አስተማሪ ነው። «ሁልጊዜ ሌሊት አዳራሹ ሲዘጋ ዜሮ ያሳያል፤ የገባውም የወጣውም እኩል ሆኗል ማለት ነው» አሉኝ። መዝገቡን ከፍተን ስናየው የዚያን ሌሊት የመጨረሻ ቁጥር ዜሮ ሳይሆን ከዜሮ በታች 12 ነበር። ስክሪኑ ከዜሮ በታች እንዳያሳይ ሆኖ ተስተካክሏል፤ «ከዜሮ በታች ሰው» ማለት ደንበኛን ግራ ያጋባል ተብሎ ይመስለኛል። ከዜሮ በታች የወረደ ቁጥር መሣሪያው ገቢን እየዘለለ መሆኑን የሚናገር ብቸኛው የማስጠንቀቂያ ምልክት ሆኖ ሳለ፣ እርሱ ራሱ ተደበቀ።

ይባስ ብሎ 12ም ቢሆን የችግሩን መጠን አይናገርም። ከፍተኛው ሰዓት ካለፈ በኋላ አዲስ የገባ የለም። 339 እንግዶች ወጡ፤ 40ዎቹ በጎኑ በር፣ 299ኙ በዋናው በር። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለወጡ መሣሪያው ከእነርሱም ዘለለና 281 መዘገበ። 31ዱ ሠራተኞች በወጥ ቤቱ በር ሄዱ። 269 ሲቀነስ 281፣ ከዜሮ በታች 12። የመውጫው ስሕተት የመግቢያውን ስሕተት ሸፈነለት። በምሽቱ መካከል 101 ሰው የሳተ መሣሪያ ሌሊቱን ሊነጋጋ ሲል ትክክል ይመስላል። የበር ቆጣሪ የሚፈተነው ባዶ በሆነ አዳራሽ ሳይሆን በሞላ አዳራሽ ነው።

ማስተካከያው ሲታሰብ ከሥራ አስኪያጁ የመጣው የመጀመሪያ ሐሳብ የጎኑን በር በሰንሰለት መዝጋት ነበር። ቆጠራው በእርግጥ ይጠራል። 300 የሚለው ቁጥር ግን የቆመው በዚያ በር ላይ ነው፤ እርሱ ከተዘጋ አዳራሹ ሁለት መውጫ የሌለው ቤት ስለሚሆን ቁጥሩ ራሱ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በ2013 በብራዚሏ ሳንታ ማሪያ ከተማ በኪስ የምሽት ክበብ እሳት ሲነሣ 242 ሰዎች ሞተዋል። ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት መውጫ አንድ ነበር፤ መጀመሪያ ላይም ጥበቃዎቹ ሰዎቹ ሒሳብ ሳይከፍሉ የሚወጡ መስሏቸው አግደዋቸዋል። ቆጠራን ለማሳመር መውጫን መዝጋት ከዚህ የራቀ አይደለም። በምትኩ የጎኑ በር ከውስጥ በመግፋት ብቻ የሚከፈት፣ ከውጭ እጀታ የሌለው እንዲሆን ተደረገ፤ ሲከፈትም የሚጮኽ ደወል ተገጠመለት። አጫሹ በዋናው በር ዞሮ ይገባል። ይህን ማስለመድ ጊዜ ወስዷል፤ በሩን በድንጋይ አስደግፎ ክፍት የሚተው ሰው አሁንም አይጠፋም፤ ደወሉ ግን ዝም አይልለትም።

ለሠራተኞቹ የተገኘው መፍትሔ ከሁሉ ቀላል ነው። ቆጣሪው ሲከፈት ከዜሮ ሳይሆን ውስጥ ካሉት ሰዎች ቁጥር ይነሣል። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ስም ዝርዝሩን ይዛ ትመጣለች፤ 31 ከሆኑ 31 ተብሎ ይጻፋል።

በዋናው በር የጨረር መሣሪያው ተነሥቶ ከበሩ በላይ በ3 ሜትር ከፍታ ወደ ታች የሚያይ ቆጣሪ ተሰቀለ። ሁለት ሌንሶች ስላሉት ርቀትን ይለካል፤ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ራሶችን ለይቶ ያውቃል፤ በሩ ላይ የቆመ ሰውም መሥመሩን ካላለፈ አይቆጥረውም። የራሱ ድክመት አለው። ብርሃን ይፈልጋል፤ ስለዚህ በረንዳው ላይ ተጨማሪ አምፖል ተደረገ። እናቱ ጀርባ ላይ የታዘለ ሕፃን ከእናቱ ጋር አንድ ሆኖ ይቆጠራል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ለሙሽሮቹ የሚያዘው ያጌጠ ጃንጥላ ነው፤ ከሥሩ ያሉትን ሰዎች በሙሉ ይሰውራል።

ስለዚህ ለአጃቢው መግቢያ መሣሪያውን አላመንነውም። ሠርገኛ በር ላይ ማስቆም ለእኛ አገር እንግዳ ልማድ አይደለም። በረንዳው ላይ፣ ከበሩ 6 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ በሚንቀሳቀሱ ምሰሶዎች ላይ የታሰረ ገመድ ሁለት መተላለፊያ ይሠራል፤ እያንዳንዱ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል። በየመተላለፊያው የእጅ ቆጣሪ የያዘ ሰው ይቆማል። ጭፈራው ከገመዱ በፊትም በኋላም ይደምቃል፤ ገመዱ ጋ ግን ሰው በተራ ያልፋል። ገመዱ ከበሩ የራቀው ሆን ተብሎ ነው፤ መቃኑ ሁልጊዜ 1.8 ሜትር ክፍት መሆን አለበት፤ አጃቢው እንደገባም ገመዱ ይነሣል። አጃቢው ገብቶ ሲያልቅ የእጅ ቆጣሪዎቹ ድምርና መሣሪያው በዚያ ጊዜ የመዘገበው ይነጻጸራሉ፤ ልዩነቱ ተጨምሮ ስክሪኑ ይታረማል።

በሩ የሚዘጋበት ቁጥርም ከ300 ወደ 280 ወረደ። ይህ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። አዲሱን መሣሪያ በጸጥታ ሰዓት ስንፈትሸው ከ100 ማለፍ በ2 ያህል ይስታል። በአንድ ሠርግ እስከ ከፍተኛው ሰዓት ድረስ ገቢና ወጪ ተደምሮ 450 ጊዜ ያህል ሰው በሩን ያልፋል፤ ስሕተቱ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢያደላ 9 ይሆናል። «ዝጋ» ከተባለ በኋላ በር ላይ የደረሱት፣ ሕፃናቱና ሌላው ሲጨመር 20 ተይዟል። ስሕተቱ የሚያድገው ውስጥ ባለው ሰው ብዛት ሳይሆን በሩን ባለፈው ሰው ብዛት ነው። ሰው ወጣ ገባ በሚልበት ምሽት 20 ላይበቃ ይችላል። ለዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አስተናጋጆቹ የጠረጴዛ ቆጠራ ያደርጋሉ። እያንዳንዱ በያዘው ጠረጴዛ ባዶ ወንበር ስንት እንደሆነ ብቻ ይናገራል፤ ከወንበሮቹ ላይ ባዶው ይቀነሳል፤ የቆሙትና ሠራተኞቹ ይደመራሉ። የተቀመጠን ሕዝብ ከመቁጠር ባዶ ወንበር መቁጠር እጅግ ይቀላል።

ከፋሲካ በኋላ በነበረ ሠርግ ይህ ሁሉ ተፈተሸ። አጃቢው ሲገባ የእጅ ቆጣሪዎቹ 96፣ መሣሪያው 88 አሳዩ፤ 8 ተጨመረ። ስክሪኑ 280 ሲደርስ በሩ ተያዘ። ወዲያው በተደረገ የጠረጴዛ ቆጠራ 250 ወንበር ተዘርግቶ 6ቱ ባዶ ነበሩ፤ 10 ሰው ቆሟል፤ 31 ሠራተኛ አለ። ድምሩ 285 ነው። የ5 ልዩነት።

ከዚህ መካከል መብራት ጠፍቶም ያውቃል። አሮጌው መሣሪያ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ቁጥሩን ረስቶ ከዜሮ ይጀምር ነበር። አዲሱ ትንሽ ባትሪ አለው፤ በየግማሽ ሰዓቱም ቁጥሩ በደብተር ይጻፋል።

ለባለቤቱ የከበዳቸው መቁጠሩ አልነበረም፤ የተጠራ እንግዳን በር ላይ ማቆሙ ነበር። ከገጠር ድረስ የመጡ አዛውንትን አንድ የ22 ዓመት ወጣት «ሞልቷል» ሊላቸው አይችልም፤ ቢላቸውም አይሰሙትም፤ ሙሽራው ራሱ መጥቶ ያስገባቸዋል። ስለዚህ ስክሪኑ 260 ሲደርስ ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ወገን አንዳንድ ሽማግሌ በረንዳው ላይ ይቆማሉ፤ ይህ በውሉ ላይ ተጽፏል። ግቢው ውስጥ በሁለት ጎኑ ክፍት የሆነ 120 ካሬ ሜትር ድንኳን ይተከላል። እርሱም የራሱ ወሰን አለው፤ በ1.4 ሲካፈል 85 ስለሚመጣ 80 ተብሏል። ከጎኑ በር መውጫ ቢያንስ 2 ሜትር ርቆ ነው የሚተከለው። «አባቴ፣ እዚህ አረፍ ይበሉ፤ ምግቡም እዚሁ ይመጣል፤ ሙሽሮቹም ወጥተው ይስሙዎታል» የሚለው የዘመድ ሽማግሌ ሲሆን ነገሩ ክብር ይሆናል።

ውሉ ላይ የነበረው «300 እንግዳ» ተሰርዞ 245 ሆኗል፤ ከ280 ላይ ሠራተኞቹ ሲቀነሱ 249 ስለሚቀር ነው። ባለቤቱ የ55 ሰው ሒሳብ ማጣታቸውን ሲያሰሉ አልወደዱትም፤ የድንኳኑ ኪራይ ከፊሉን ይመልስላቸዋል። ከ30 ጠረጴዛ 5ቱ ወጡ። የትኞቹ ይውጡ ሲባል ብዙ ክርክር አላስፈለገም፤ የጎኑ በር ፊት ለፊት የተደረደሩት ናቸው።